መሃሉ የረዘመ ልብ ወለድ፦ ምንም የማይለውጡ ትዕይንቶችን ለይቶ ማውጣት

ረጅም ልብ ወለድ ጽፎ የጨረሰ ሰው ረቂቁን ለወዳጁ ሲያስነብብ የሚመጣለት አስተያየት ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ጥሩ ነው፣ እዚህ መሃል ላይ ግን ትንሽ ይጓተታል።» «እዚህ» የተባለው ቦታ ሲለካ ሰማንያ ገጽ ይሆናል። ጸሐፊው ይህን ሲሰማ ዓረፍተ ነገር ማሳጠር ይጀምራል። ቅጽል ይነቅላል፣ የተደጋገመ ቃል ይሰርዛል፣ ሰማንያው ገጽ ሰባ አምስት ይሆናል። መጓተቱ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም፤ ሰዎቹ ወደ ትዕይንቱ እንደገቡ ሆነው የሚወጡ ከሆነ፣ ቋንቋው ምንም ያህል ቢጠራ አንባቢው ቆሞ እንደሚጠብቅ ሰው ነው የሚሰማው።

ስለዚህ መቀስ የሚያርፈው በዓረፍተ ነገር ላይ ሳይሆን በሙሉ ትዕይንት ላይ ነው። የትኛው ይውጣ የሚለውን ለመለየት አንድ ረቂቅ ይዘን ደረጃ በደረጃ እንሂድ። ረቂቁ ለማሳያ የተዘጋጀ ሲሆን ታሪኩ መንዝ ላይ ነው። ዘነበች ደብረ ብርሃን የምትኖር ሴት ናት። አባቷ ሲሞቱ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ካለው መሬታቸው ድርሻዋን ልትጠይቅ ትሄዳለች። ታናሽ ወንድሟ ተሾመ የይዞታ ደብተሩን ደብቋል። ከገጽ 112 እስከ 168፣ ማለትም በ57 ገጽ ውስጥ፣ ዘጠኝ ትዕይንቶች አሉ።

መጀመሪያ፦ ረቂቁን ሳይነኩ መቁጠር

ፋይሉን ገልብጡና አንዱን ቅጂ «ሙሉ» ብላችሁ አስቀምጡት፤ እሱን ማንም አይነካውም። ሌላ ባዶ ፋይል ክፈቱና «ቁራጭ» በሉት። የሚወጣው ሁሉ እዚያ ይገባል እንጂ አይጠፋም። ይህ ለጥንቃቄ ብቻ አይደለም። ጽሑፉ እንዳልጠፋ የሚያውቅ እጅ ሲቆርጥ አይንቀጠቀጥም።

ቀጥሎ ትዕይንቶቹን ቁጥር ስጧቸው። ትዕይንት ማለት ቦታውና ሰዓቱ ሳይቋረጥ የሚሄድ ድርጊት ነው፤ ቦታው ወይም ጊዜው ከዘለለ ሌላ ትዕይንት ተጀምሯል። ምዕራፍን እንደ ትዕይንት የሚቆጥር ሰው ስሌቱ ይበላሽበታል፤ አንድ ምዕራፍ ውስጥ ሦስት ትዕይንት ሊኖር፣ ከሦስቱም አንዱ ብቻ ሥራ ሊሠራ ይችላል።

የእኛ ዘጠኝ እነሆ፦

14 (ገጽ 112–118)፦ ዘነበች በቅጥቅጥ ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ ትጓዛለች።
15 (119–126)፦ ተሾመ ቤት፣ ቡና ላይ። «ደብተሩ የለም» ይላታል።
16 (127–132)፦ የመጀመሪያው የሽምግልና ቀን። በቀጠሮ ያበቃል።
17 (133–138)፦ ለልጅነት ጓደኛዋ ለአስካለ የሆነውን ሁሉ ትነግራታለች።
18 (139–145)፦ ሁለተኛው የሽምግልና ቀን። ሽማግሌዎቹ ምስክር አምጪ ይሏታል።
19 (146–151)፦ ሸዋ ሮቢት፣ አጎቷ ዘንድ። አልመሰክርም ይላታል።
20 (152–156)፦ ደብረ ሲና፣ የክርስትና እናቷ ዘንድ። እሳቸውም አይመሰክሩም።
21 (157–162)፦ ሌሊት፣ ብቻዋን። ታለቅሳለች፤ ላለመተው ትወስናለች።
22 (163–168)፦ ሦስተኛው የሽምግልና ቀን። የተሾመ ሚስት ደብተሩን ይዛ ትመጣለች።

ሁለተኛ፦ «ስትገባ» እና «ስትወጣ»

ደብተር ገልጣችሁ በግራው ገጽ ላይ «ስትገባ»፣ በቀኙ ላይ «ስትወጣ» ብላችሁ ጻፉ። ለእያንዳንዱ ትዕይንት በየገጹ አንድ መስመር ብቻ ይሞላል። ከአንድ መስመር በላይ ካስፈለገ፣ ትዕይንቱ ሁለት ነው ወይም ጸሐፊው እየተሟገተለት ነው።

በመስመሩ ላይ ስሜት አይጻፍም። «ስትገባ ተስፋ ነበራት፣ ስትወጣ አዘነች» የሚል መስመር ፈተናውን ያለፈ ይመስላል፤ አላለፈም። ሐዘን በሚቀጥለው ገጽ በደስታ ይተካል፣ የታሪኩም መንገድ አይዞርም። የሚጻፈው ሰውየው የሚያውቀው፣ በእጁ ያለው፣ የሚያምነው ሰው፣ ስለሱ ሌሎች የሚያውቁት፣ ወይም ክፍት የሆነለት በር ነው። ከነዚህ አንዱ ተለውጦ ከሆነ መስመሩን ለመጻፍ ሰከንድ አይፈጅም። ስትቸገሩ ይህን ጠይቁ፦ ከዚህ ትዕይንት በፊት ልታደርገው ትችል የነበረ፣ አሁን ግን የማትችለው ነገር ምንድን ነው? ወይስ በተቃራኒው፣ የማትችለው የነበረ አሁን የምትችለው?

15ን እንሞክር። ስትገባ፦ ወንድሟን ታምናለች፤ ደብተሩ እሱ ጋ ተቀምጦላታል ብላ ታስባለች። ስትወጣ፦ እንደዋሻት ታውቃለች። ያወቀችው እናታቸው ደብተሩን ጠቅልለውበት የነበረውን ባና መደቡ ላይ ተነጥፎ ስላየችው ነው። ከዚህ በኋላ እንደ እህት ሄዳ መጠየቅ አትችልም፤ በሽማግሌ መሄድ አለባት። ትዕይንቱ ይቆያል።

14ን እንሞክር። ስትገባ፦ ድርሻዋን ልትጠይቅ ነው። ስትወጣ፦ ድርሻዋን ልትጠይቅ ነው። ሰባት ገጽ ሙሉ የጣርማ በር ጉም፣ የተሳፋሪ ወሬ፣ በመስኮት የሚታይ የገብስ ማሳ አለ። ጉሙ በጥሩ ቋንቋ ተጽፏል፤ ፈተናው ግን ስለ ቋንቋ አልጠየቀም። ሰሜን ሸዋ ላይ የሚጽፍ ሰው ደጋውን ወደ ቆላው የሚያወርደውን መንገድ ሳይገልጽ ማለፍ ይከብደዋል፣ ይህም የሚገባ ነገር ነው። መንገድ ግን ሰውን ከቦታ ቦታ እንጂ ከሁኔታ ወደ ሁኔታ አያሻግርም፣ መንገዱ ላይ አንድ ነገር ካልደረሰበት በቀር።

21 ደግሞ ዋናው አሳሳች ነው። ስትገባ፦ ተሸንፋለች። ስትወጣ፦ ላለመተው ወስናለች። ለውጥ ይመስላል። ወደ ኋላ ተመልሳችሁ 18ን ስታነቡ ግን እዚያም ላለመተው ወስናለች፣ 16 መጨረሻ ላይም እንዲሁ። የያዙትን አቋም እንደገና መያዝ ለውጥ አይደለም። እንዲህ ያለ ሌሊት ብዙ ረቂቅ ውስጥ ይገኛል፤ ጸሐፊው ራሱ ቀጥሎ የሚሆነውን ሲያስብ ያደረበት ሌሊት ነው ብሎ መጠርጠር አይከፋም።

ሦስተኛ፦ ነቅሎ ማየት

የመጀመሪያው ፈተና ብቻውን አይበቃም፤ አንዳንድ ትዕይንት በዋናው ሰው ላይ ምንም ሳይለውጥ በሌላው ላይ ይለውጣል። ስለዚህ ምልክት የተደረገበትን ትዕይንት በሐሳብ ንቀሉትና የቀሩትን እያያችሁ «የትኛው ይወድቃል?» በሉ።

17 እንዲህ ነው የተያዘው። ዘነበች ለአስካለ የምትነግራት አንባቢው 15 ላይ በዓይኑ ያየውን ነው። ስድስት ገጽ የታወቀ ወሬ። ስትገባና ስትወጣ እኩል ናት። ነቅለን ስናይ ግን 18 ይወድቃል፤ እዚያ ተሾመ ስለ ባናው ቀድሞ ሰምቶ፣ ደብተሩን ከቤት አሽሽቶ፣ «ገብታችሁ ፈትሹ» እያለ ይመጣል። ይህን ያወቀው ከአስካለ ነው። ስለዚህ 17 ውስጥ የተለወጠ ነገር አለ፤ ምስጢሩ ከዘነበች እጅ ወጥቷል። ለውጡ ያለው በመጨረሻዎቹ ስምንት መስመሮች ላይ ሲሆን፣ የቀረው አምስት ገጽ ተኩል ድግግሞሽ ነው።

መፍትሔው ትዕይንቱን ለውጡ ካለበት ቦታ መጀመር ነው፦

«ነግራት ስትጨርስ አስካለ ነጠላዋን እያጣፋች ዝም አለች።
‹ባናውን በዓይንሽ አይተሻል?›
‹አይቻለሁ አልኩሽ እኮ።›
‹እንግዲያ ለማንም አትንገሪ፣ አንቺዬ› አለችና ወደ ተሾመ ቤት በሚወስደው አቋራጭ ሄደች።»

«ነግራት ስትጨርስ» የሚለው ሐረግ አምስት ገጽ ተኩል ዋጠ። አማርኛ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ «ደርሳ»፣ «ጠይቃ»፣ «ተመልሳ» የሚሉት ግሶች አንድ ሙሉ ድርጊት በአንድ ቃል ጠቅልለው ወደ ዋናው ግስ ያስረክባሉ። ትዕይንት ስታወጡ የሚተካው አዲስ አንቀጽ ሳይሆን፣ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ አንድ ግስ ነው።

አራተኛ፦ አንድ ዓይነት ለውጥ የሚያደርጉትን ማጋጠም

19 እና 20 ሁለቱም ፈተናውን ያልፋሉ። በሁለቱም ዘነበች ምስክር አገኛለሁ ብላ ገብታ ሳታገኝ ትወጣለች። ችግሩ በሩ ሁለት ጊዜ መዘጋቱ ነው። የቀኙን ገጽ ከላይ ወደ ታች ብቻ ስታነቡ ተመሳሳይ መስመር ሁለት ጊዜ ካገኛችሁ አንዱ ይውጣ።

የትኛው? የሚቆየው እምቢታው አዲስ ነገር ይዞ የሚመጣው ነው። የክርስትና እናቷ እምቢ የሚሉት ከጎረቤት ጋር መጣላት ፈርተው ነው፤ ዘነበች ሰምታ ትወጣለች፣ አለቀ። አጎቷ ግን እንዲህ ይላታል፦ «ልጄ፣ ተሾመ መሬቱን ሲያከራይ ውሉ ላይ የፈረምኩት ምስክር እኔ ነኝ። ምን ብዬ ልመስክርልሽ?» መሬቱ መከራየቱን እስከዚያች ደቂቃ አታውቅም ነበር። በአንድ ዓረፍተ ነገር ምስክር አጣች፣ አጎት አጣች፣ ክርክሩም ከደብተር ወደ ውል ዞረ። 19 ይቆያል።

ጸሐፊው አብዛኛውን ጊዜ የሚወደው ሌላውን ነው። 20 ላይ የባልቴቷ ቤት፣ ከደብረ ሲና በላይ የተንጠለጠለው ገደል፣ ወደ ማታ ከሥር የሚወጣው ጉም አለ። ከዚያ ውስጥ አንድ አንቀጽ ተመርጦ ዘነበች ከሸዋ ሮቢት ስትመለስ ደብረ ሲና ላይ መኪና በምትጠብቅበት ቦታ ይገባል፤ ቀሪው ወደ «ቁራጭ»።

16 እና 18ም በዚሁ መንገድ ይታያሉ። ሽምግልና በባህሪው ቀጠሮ አለው፤ ሁለቱ ወገኖች ይሰማሉ፣ ይመከራል፣ ለሌላ ቀን ይባላል። በሕይወት እንዲህ ስለሆነ በልብ ወለድም ሦስቱም ቀን መጻፍ አለበት ማለት አይደለም። 16 የሚያልቀው በተጀመረበት ነው። ስለዚህ የ18 መግቢያ ይሆናል፦ «ሽማግሌዎቹ በመጀመሪያው ቀን ሁለቱንም ሰምተው ለቅዳሜ ሳምንት ቀጥረው ነበር። በቀጠሮው ቀን ተሾመ ከሁሉም ቀድሞ ከጥዱ ሥር ተቀምጦ አገኘችው።» ቀድሞ መምጣቱ አንድ ነገር እንደሰማ ይናገራል።

ቡና ላይም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ስላለ ብቻ ሦስት ዙር ጭውውት ይጻፋል። 15 ላይ ተሾመ በአቦሉ ይሸሻል፣ በቶናው ይሸሻል፣ በበረካው ይዋሻል። ትዕይንቱ ቶናው ሲቀዳ ቢጀምር የሚጎድል ነገር የለም። ሰላምታም እንዲሁ ነው፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ እህሉ፣ ስለ ልጆቹ መጠያየቁ ይቆረጣል፣ አንዱ ወገን ሰላምታውን ካጎደለ በቀር። የጎደለ ሰላምታ ለውጥ ነው፤ የተሟላ ሰላምታ አይደለም።

አምስተኛ፦ ጭነቱን ማውረድ

የሚወጣ ትዕይንት ብዙ ጊዜ አንድ የሚያስፈልግ ነገር ተሸክሟል። ከማውጣታችሁ በፊት በእርሳስ አስምሩበት። 14 ላይ አንድ ተሳፋሪ «ተሾመማ ዘንድሮ ቤቱን በቆርቆሮ ለወጠ» ይላል። ገንዘቡ ከየት መጣ የሚለውን ጥያቄ የሚዘራው ይህ ነው፣ 19 ላይ ያጎቷ መልስ የሚያርፈውም እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ወደ 15 ይዛወራል፤ ዘነበች ግቢው ስትደርስ አዲሱ ቆርቆሮ ፀሐይ እየመለሰ ዓይኗን ይወጋታል። ወሬ የነበረው በዓይን የሚታይ ሆነ፣ ወጪውም አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ከአንድ ትዕይንት ሦስትና አራት ጭነት ካገኛችሁ ግን ቆም በሉ። ያን ሁሉ ጎረቤቶቹ ላይ መጫን እነሱንም ያጎብጣቸዋል። ያኔ ትዕይንቱን ከማውጣት ይልቅ በውስጡ ለውጥ መፍጠር ይቀላል። ለምሳሌ ተሳፋሪው ራሱ መሬቱን የተከራየው ሰው ቢሆንና ሳያውቃት ቢያወራላት፣ 14 ሌላ ትዕይንት ይሆን ነበር።

የ21 ጭነት ውሳኔዋ ነው። ውሳኔ ግን ከሐሳብ ይልቅ በድርጊት ይታያል። 22 ላይ ሽማግሌዎቹ «ምስክር አጣሽ፣ እንግዲህ ታረቂ» ሲሏት «ያጎቴን ፊርማ ታመጡልኛላችሁ» ብላ ከተነሣች፣ ሌሊቱን እንዴት እንዳደረች አንባቢው ያውቃል። በ19 እና በ22 መካከል ግን ትንፋሽ ያስፈልጋል፤ ሁለት ከባድ ትዕይንት ካለ ዕረፍት ሲገጣጠሙ ሁለተኛው ይደበዝዛል። ግማሽ ገጽ ሌሊት ይቆይ፣ እንባው ይውጣ።

ስፌቱ ላይ የሚበላሸው

አሁን ከ57 ገጽ ወደ 28 ገጽ ገደማ ወርደናል፤ 15 ወደ ሰባት ገጽ፣ 17 አንድ ገጽ፣ 18 ሰባት፣ 19 ስድስት፣ ሌሊቱ ግማሽ፣ 22 ስድስት። ዘጠኝ የነበሩት ሙሉ ትዕይንቶች አራት ሆነው፣ ሁለት አጫጭሮች ተከትለዋቸዋል።

መጀመሪያ የሚሳሳተው ቀን ነው። 16 እና 20 ሲወጡ ከአሥር ቀን በላይ ከታሪኩ ጎድሏል። «ባለፈው ረቡዕ» የሚለው ሌላ ረቡዕ ይሆናል። የእኛ አንባቢ ከሰዓት ይልቅ በጾምና በበዓል ያስተውላል፤ ቀኑ ሳይታሰብ ወደ ዓርብ ከዞረ ቡናው ላይ የቀረበው ወተት ወዲያው ይታየዋል። 22 ከኅዳር 15 ወዲህ ከወደቀ ደግሞ የነቢያት ጾም ገብቷል። ገብሱም እንዲሁ፤ 15 ላይ አረንጓዴ የነበረ ማሳ በአምስት ቀን ውስጥ ሊታጨድ አይችልም። አንድ ወረቀት ላይ የቀሩትን ትዕይንቶች ከነቀናቸው ጻፉና እንደገና ቁጠሩ።

ሁለተኛው የወጣ ሰው ነው። የክርስትና እናቷ ወይዘሮ ጸዳለ ከወጡ፣ ሌላ ቦታ ላይ ስማቸው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በ Ctrl+F ስትፈልጉ «ጸዳለ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ ረቂቁ ውስጥ አንድ ቦታ «ፀዳለ» ተብሎ ተጽፎ ይሆናል፣ ማሽኑም ሁለቱን አንድ ናቸው ብሎ አያይም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ ያሉባቸው ስሞች ሁሉ በየአጻጻፋቸው ይፈለጉ። ስሙ «የጸዳለ»፣ «ከጸዳለ» እየሆነ ስለሚመጣ ሙሉ ቃል ብቻ የሚፈልገው ምርጫ መጥፋት አለበት። በ«አ» የሚጀምር ስም ደግሞ የባሰ ነው፤ «ለአስካለ» የሚለው «ላስካለ» ተብሎ ከተጻፈ «አስካለ» ብሎ መፈለግ አያገኘውም፣ «ስካለ» ብሎ መፈለግ ግን ያገኘዋል።

ሦስተኛ፣ የመያያዣ ቃላትን እዩ። ሁለት የቀሩ ትዕይንቶችን በአንድ ዓረፍተ ነገር ስታገናኙ መካከላቸው «ስለዚህ» ወይም «ግን» ሊገባ ይገባል። «ከዚያ» ብቻ የሚገባ ከሆነ አንዱ ሌላውን አላስከተለም፤ ወደ ደብተሩ ተመለሱ።

ፈተናው የማይሠራበት ቦታ

አንድ ትዕይንት በሰዎቹ ላይ ምንም ሳይለውጥ አንባቢው እነሱ የማያውቁትን እንዲያውቅ ሊያደርግ ይችላል። የተሾመ ሚስት ደብተሩን ከገብስ ጎተራ ውስጥ ስታገኝና መልሳ ስትሸፍነው የምታሳይ ግማሽ ገጽ ብትኖር፣ ዘነበች ላይ የለወጠችው የለም፤ አንባቢው ግን ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን የሽምግልና ቃል በሌላ ጆሮ ይሰማል። እንዲህ ያለው ይቆያል፤ አጭር ይሁን እንጂ።

ከግማሽ በላይ ትዕይንት ፈተናውን ከወደቀ ደግሞ መቁረጥ አቁሙ። ያኔ ሕመሙ መሃሉ ላይ አይደለም። ሰውየው ምን እንደሚፈልግ፣ ባያገኝ ምን እንደሚያጣ መጀመሪያው ላይ አልተተከለም ማለት ነው፤ የማይፈልግ ሰው ላይ በር ቢዘጋም አይሰማውም። ለምሳሌ ዘነበች መሬቱን የምትፈልገው ለምን እንደሆነ እስከ ገጽ 60 ካልታወቀ፣ ከ112 በኋላ ያለው የትኛውም ትዕይንት አይነሣም።

ሥራው ካለቀ በኋላ ረቂቁን ሁለት ሳምንት ተዉት፤ ከዚያ ቀድሞ ላላነበበ ሰው ስጡት። ምን እንደወጣ አትንገሩት፣ «ይጓተታል?» ብላችሁም አትጠይቁት። የጠፋበትን ቦታ በዳር ላይ ጥያቄ ምልክት እንዲያደርግ ብቻ ንገሩት። ምልክቱ ካረፈበት ቦታ የጎደለው ብዙውን ጊዜ አንድ ስም ወይም አንድ ቀን ነው፣ እሱም በአንድ ሐረግ ይሞላል። «ቁራጭ» የሚለው ፋይል የሚከፈተው ሁለት የማይተዋወቁ አንባቢዎች ምልክታቸውን አንድ ገጽ ላይ ካሳረፉ ነው።